አንዱን ሥራ ይዞ ሌላውን በደብዳቤ መመለስ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁለት ድርጅት በአንድ ሳምንት «አልፈሃል፣ ና ጀምር» ሲል ደስ ይላል። ከዚያ አንዱን መመለስ ይመጣል። ድሬዳዋ በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ስለሠራሁ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፉ ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚያርፉት ጥቂቶቹ ናቸው። አብዛኛው ሰው ዝም ብሎ ይቀራል፣ ስልኩንም አያነሳም።

ነገሩ እንዳይምታታ በአንድ ምሳሌ እንሂድ። ሰዎቹም ቁጥሮቹም ለማሳያ የተበጁ ናቸው። ድሬዳዋ ሳቢያን የምትኖር በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች ልጅ አለች። ሐረር ያለ አንድ ፋብሪካ በ18,000 ብር ደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ አድርጎ ሊቀጥራት ደብዳቤ ጻፈላት። በዚያው ሳምንት ድሬዳዋ ከዚራ ያለ የትራንዚት ድርጅት በ15,500 ብር ፈለጋት። እሷ የመረጠችው የድሬውን ነው። ለምን እንደሆነ እናየዋለን።

ዝም ብዬ ብቀርስ? ምን ይደርስብኛል?

እሺ ካላላችሁ በሕግ የሚደርስባችሁ ነገር የለም። ዝምታ እሺታ ሆኖ አይቆጠርም።

ችግሩ ያለው በዚያኛው በኩል ነው። የቅጥር ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ሲይዝ አንደኛ የወጣውንና ተጠባባቂውን ይመዘግባል። አንደኛው «አልመጣም» ብሎ በጽሑፍ ካላሳወቀ ተጠባባቂውን ለመጥራት ብዙ ቦታ ቀነ ገደቡ እስኪያልፍ ይጠበቃል። ከዚያ ደግሞ ሌላ ማስታወሻ ተጽፎ ኃላፊ ይፈርምበታል። የሰው ኃይል ሠራተኛው በየቀኑ ይደውላል፣ ክፍሉ «ሰው የት አለ?» እያለ ይጮህበታል። በዚህ መሀል ተጠባባቂው ሌላ ቦታ ይገባል። የእናንተ አንድ ገጽ ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ከገባች ግን ነገሩ በማግስቱ ያልቃል።

ድሬና ሐረር ደግሞ ሰው የሚተዋወቅባቸው ከተሞች ናቸው። እዚህ የቀጠሯችሁ ሰው እዚያ ያለው ቃለ መጠይቅ አድራጊ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ሆኖ ቢገኝ አይግረማችሁ።

የትኛውን ደብዳቤ ቀድሜ ልጻፍ? የመቀበያውን ወይስ የመመለሻውን?

የመቀበያውን። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

በስልክ «አልፈሻል» ማለት ሥራ አገኘሽ ማለት አይደለም። በጀት ሊታጠፍ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቅጥሩን ላያጸድቀው፣ ኃላፊው ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመረጣችሁት ድርጅት ደመወዝ፣ የሥራ መደብና የሚጀመርበት ቀን ያለበት፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ይስጣችሁ። እናንተ መቀበላችሁን ጽፋችሁ ታስገባላችሁ። ከተቻለ ውሉን ትፈራረማላችሁ። ከዚያ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ጠዋት፣ ሌላውን ትመልሳላችሁ።

የምሳሌያችን ልጅ የሐረሩን ደብዳቤ ያገኘችው ሰኞ ኅዳር 8 ነው። ለመልስ የተሰጣት እስከ ሰኞ ኅዳር 15 ነው። የድሬውን ረቡዕ ኅዳር 10 ተቀበለች። ሐሙስ ውል ፈረመች። ዓርብ ኅዳር 12 ጠዋት የሐረሩን መመለሻ ጻፈች። ማንም ላይ ዋሽታ ጊዜ አልገዛችም፤ ቀነ ገደቡም አላለፈባትም።

የማልፈልገው ሥራ ቀነ ገደብ ቀድሞ ቢደርስስ?

ደውላችሁ ጊዜ ጠይቁ፤ በኋላ በአጭር ጽሑፍ አጽኑት። «ሌላ የምጠብቀው ውሳኔ ስላለ እስከ ሐሙስ መልስ እንድሰጥ ቢፈቀድልኝ» ማለት ነውር የለበትም። ሦስት አራት ቀን ብዙ ጊዜ ይሰጣል። ሁለት ሳምንት ብትሉ ግን ተጠባባቂውን ይጠሩታል፤ ደግሞም ልክ ናቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ካሉ የውጭ ድርጅቶች የሚመጣ ደብዳቤ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። «12/03» የሚል ካያችሁ በእኛ ኅዳር 12 ነው፤ በእነሱ እንደ አጻጻፉ ወይ መጋቢት አካባቢ ወይ ኅዳር መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። «እስከ 9» ሲሉ የጠዋቱን ሦስት ይሁን የከሰዓቱን ዘጠኝ ደውሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ምክንያቴን የመጻፍ ግዴታ አለብኝ?

ግዴታ የለባችሁም። ግን አንድ መስመር እውነተኛ ምክንያት ደብዳቤውን ሰው የጻፈው ያስመስለዋል፤ ለሚያነበውም ይጠቅመዋል። ጥያቄው ምን ያህሉን ነው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። እውነተኛ ምክንያቷ ምንድን ነው? መጀመሪያ ለራሷ ሒሳቡን ሠራችው። የሐረሩ በ2,500 ብር ይበልጣል። ሁለቱም ደመወዝ ከ14,000 ብር ስለሚያልፍ ያ ትርፍ ላይ 35 በመቶ የደመወዝ ግብር አለ፤ 875 ብር ሄደ። 7 በመቶ ጡረታ ሲጨመር 175 ብር ሄደ። እጇ ላይ የሚቀረው 1,450 ብር ነው። ሐረር አንድ ክፍል ቤት ስታጠያይቅ ደግሞ 3,500 ብር አሏት። እየተመላለስኩ ልሥራ ብትል ከድሬ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ በየቀኑ ጠዋት ማታ በሚኒባስ። በዚያ ላይ ከእናቷ ጋር የምትኖረው እሷ ብቻ ናት። እና ደግሞ የትራንዚት ሥራ፣ የጉምሩክ ሰነድና የዕቃ ማስገቢያ ወጪ ስሌት፣ መማር ትፈልጋለች።

ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ሁሉም ደብዳቤ ላይ አይወጣም። የመጀመሪያ ረቂቋ እንዲህ ይል ነበር፦

«ባጋጠመኝ ድንገተኛ የቤተሰብ ችግር ምክንያት ሥራውን መጀመር እንደማልችል አሳውቃለሁ።»

ይሄ የተለመደው ነው፤ እኔም ጠረጴዛ ላይ በብዛት ያየሁት ይሄንን ነው። ድንገተኛ የሆነ ነገር ግን የለም። የሐረሩ ኃላፊ ደግ ሰው ከሆነ «አይዞሽ፣ ችግሩ እስኪያልፍ አንድ ወር እንጠብቅሻለን» ይላታል። አሁን ምን ልትል ነው? ሁለተኛ ውሸት ያስፈልጋታል። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ የፋብሪካው ዕቃ አስለቃቂ ከዚራ ትራንዚት ቢሮ ሲገባ ጠረጴዛ ይዛ ያገኛታል።

ሁለተኛው ረቂቅ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ፦

«የደመወዙ ብልጫ ሲሰላ የቤት ኪራይ እንኳን አይሸፍንም፣ መንገዱም አድካሚ ነው፣ እናቴም ብቻዋን ናት፣ ሥራውም ከትራንዚት ሥራ ጋር ሲወዳደር ብዙ የሚያስተምር አልመሰለኝም።»

እውነት ነው፤ ግን አራት ምክንያት የደረደረ ሰው ክርክር የጀመረ ይመስላል። እያንዳንዱ ምክንያት መልስ ይጋብዛል። ደመወዝ ካለች ጭማሪ ያቀርቡላታል፣ መንገድ ካለች ሰርቪስ አለን ይሏታል። የመጨረሻው ደግሞ ስድብ ነው፤ እዚያ ዓመታት የሠሩ ሒሳብ ሠራተኞች ያነቡታል።

ሦስተኛው ላይ ውሳኔውን በትክክል የቆረጠውን አንዱን ብቻ ወሰደች፦ መኖሪያዋን ወደ ሐረር ማዛወር አለመቻሏን። ግን አንድ እንቅፋት ነበረበት። ቃለ መጠይቁ ላይ «ሐረር መግባት ትችያለሽ?» ተብላ «አዎ» ብላለች። ስትል የምሯን ነበር፤ የኪራዩን ዋጋ ያጠያየቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ዘልላ «ወደ ሐረር መዛወር አልችልም» ብትል ቃለ መጠይቁን የያዘው ሰው ማስታወሻውን ገልጦ ያያል። ስለዚህ ደብዳቤው ውስጥ ራሷ አነሳችው። ሙሉውን ከታች ታዩታላችሁ።

መለኪያዬ ይሄ ነው፦ የጻፋችሁትን ምክንያት ቢያስወግዱላችሁ ሥራውን ትቀበሉ ነበር? ካልተቀበላችሁ እውነተኛ ምክንያታችሁ ሌላ ነው።

እውነተኛው ምክንያት ድርጅቱ ራሱ ከሆነስ? ደመወዝ ያዘገያሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

የሰማችሁትን አትጻፉ። በወሬ የተገኘ ነገር በፊርማችሁ ሥር ሲሰፍር የእናንተ ክስ ይሆናል። ያያችሁት ነገር ቢሆንም፣ ለምሳሌ ቃለ መጠይቅ አድራጊው ቢያመናጭቃችሁ፣ የመመለሻ ደብዳቤ የአቤቱታ ቦታ አይደለም። አቤቱታ ካላችሁ ለብቻው ጻፉት።

ግን ባዶውን በውሸት አትሙሉት። «ሁኔታዎቹን አመዛዝኜ ሌላ ሥራ ለመቀበል ወስኛለሁ» ማለት በቂ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር አንድም ውሸት የለበትም። አንዳንዱ ሰው «ድርጅታችሁን እጅግ ብወደውም» ብሎ ይጨምርበታል። አቦ፣ ካልወደዳችሁት ለምን ትላላችሁ?

የተቀበልኩትን ድርጅት ስም ልጥቀስ?

አያስፈልግም። ደመወዙንም አትጻፉ። በስልክ ቢጠይቋችሁና መናገር ካልከፋችሁ ንገሯቸው፤ መደበቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ «እዚሁ ድሬ ነው፣ በሙያዬ ነው» ይበቃል። ሁለቱ ድርጅቶች ተፎካካሪዎች ከሆኑ ግን ዝም በሉ።

እሺ፣ ሙሉ ደብዳቤውን አሳዩኝ።

ይኸውላችሁ። በቅንፍ ያለውን እናንተ ትሞላላችሁ።

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ (የድርጅቱ ስም)
የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
ሐረር

ጉዳዩ፦ የቀረበልኝን የሒሳብ ሠራተኛነት ቅጥር መቀበል አለመቻሌን ስለማሳወቅ

ድርጅታችሁ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በቁጥር (የደብዳቤው ቁጥር) በጻፈልኝ ደብዳቤ በሒሳብ ሠራተኛነት ሊቀጥረኝ መወሰኑን ገልጾልኛል። ለሰጣችሁኝ ዕድልና በፈተናውም ሆነ በቃለ መጠይቁ ላደረጋችሁልኝ መልካም አቀባበል አመሰግናለሁ።

ይሁን እንጂ በድሬዳዋ ከተማ ሌላ ሥራ አግኝቼ ስለተቀበልኩ ይህን ቅጥር መቀበል እንደማልችል በአክብሮት አሳውቃለሁ። በቃለ መጠይቁ ወቅት ሐረር ገብቼ መሥራት እንደምችል ተናግሬ ነበር። በጊዜው በቅንነት የሰጠሁት መልስ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ የኑሮዬን ሁኔታ ሳየው መኖሪያዬን ማዛወር እንደማልችል ተረድቻለሁ። ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ተጠባባቂውን ለመጥራት ጊዜ እንዲኖራችሁ በማሰብ ከተሰጠኝ ቀነ ገደብ በፊት ይህን ጽፌያለሁ። ያስረከብኳቸው የትምህርት ማስረጃዎችና የዋስትና ደብዳቤ እንዲመለሱልኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)

ሁለተኛው አንቀጽ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ውሳኔው አልቋል። «ለመቀበል እቸገራለሁ» ወይም «ለጊዜው የማይመቸኝ በመሆኑ» አላለችም። እንደዚያ ብትል አንባቢው በሩ ገና ክፍት ነው ብሎ ይደውላል። ጨዋነቱ የሚመጣው ከምስጋናውና ከይቅርታው ነው፤ ውሳኔውን ከማድበስበስ አይደለም።

ይቅርታውም አንድ ጊዜ ነው፤ ለአንድ የተለየ ነገር፣ ቃሏን ስለቀየረች። ሌላ ሥራ ስለመረጠች አይደለም። ደብዳቤውን በይቅርታ ጀምሮ በይቅርታ የሚጨርስ ሰው ወንጀል የሠራ ይመስላል።

የመቀበያው ደብዳቤስ?

ያ ቀላል ነው። አጭር ይሁን፤ ግን የተስማማችሁበትን ነገር መልሳችሁ ጻፉት፦

«ድርጅታችሁ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በቁጥር (…) በጻፈልኝ ደብዳቤ መሠረት በሒሳብ ሠራተኛነት፣ በወር ብር 15,500 (አሥራ አምስት ሺህ አምስት መቶ) ያልተጣራ ደመወዝ፣ ከሰኞ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለመሥራት መስማማቴን በደስታ አሳውቃለሁ።»

«ያልተጣራ» የምትለዋ ቃል ትኑር። በኋላ ጭቅጭቅ የሚነሳው እሷ ላይ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ «የትራንስፖርት አበል የሚታሰብልኝ ከሆነ» ዓይነት ነገር አታስገቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቀረበው ጋር የማይገጥም፣ ቅድመ ሁኔታ ያለው እሺታ እንደ አዲስ ሐሳብ ነው የሚታየው፤ እነሱ እሺ ካላሉ ውል የለም። እናንተ ተቀብያለሁ ብላችሁ የሐረሩን መልሳችሁ፣ እነሱ «ገና አልተስማማንም» ቢሉ ሁለቱንም አጣችሁ። የአበሉን ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ እሺ በሉ።

በወረቀት ላስገባ፣ በኢሜይል ወይስ በቴሌግራም?

ጥሪው በመጣበት መንገድ። ኢሜይል ከሆነ በኢሜይል፣ በዚያው በደረሳችሁ መልእክት ላይ መልስ አድርጋችሁ። ቋንቋውም ጥሪው የተጻፈበት ይሁን።

ወረቀት ከሆነ በሁለት ቅጂ ወስዳችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ። በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን ያስመቱላችሁ። ድሬ ላይ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ በዚያ ሙቀት ከምሳ በኋላ መዝገብ ቤት ሰው ማግኘት ዕድል ነው። ሐረር ድረስ መሄድ ካልቻላችሁ ፈርማችሁ ስካን አድርጉና በኢሜይል ላኩ፣ ከዚያ ደውላችሁ መድረሱን አረጋግጡ። ቴሌግራም ለዚህ ማረጋገጫ ጥሩ ነው። ብቻውን ግን ፋይል ውስጥ አይገባም።

ሥራውን ያገኘልኝ የቤተሰብ ወዳጅ ነው። እሱን ምን ልበለው?

ይሄ ከሁሉም የከበደው ነው፤ በደብዳቤም አይፈታም። የሚፈታው በቅደም ተከተል ነው። ያ ሰው ነገሩን ከእናንተ አፍ መስማት አለበት፤ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ከመድረሱ በፊት። ኃላፊው ደውሎ «ያመጣህልን ልጅ እኮ ጥላን ሄደች» ካለው በኋላ የእናንተ ማብራሪያ ዋጋ የለውም። የተነካው ስሙ ነው።

ብትችሉ ቤቱ ሂዱ። ካልሆነ ደውሉ፤ የጽሑፍ መልእክት ብቻ ግን አትላኩ። ልጅቷ ሐሙስ ማታ ውሉን እንደፈረመች የአባቷን ጓደኛ ቤት ሄደች። ያለችው ይህን የመሰለ ነው፦ «ጋሼ፣ ሐረር የተናገሩልኝ ሥራ ወጥቶልኝ ነበር። በጣም ነው የማመሰግነው። ግን እማዬን ትቼ እዚያ ቤት መከራየት አልሆነልኝም፤ እዚሁ ከዚራ ሌላ አግኝቼ ፈረምኩ። ነገ ጠዋት ደብዳቤ አስገባለሁ። እርስዎ ቀድመው እንዲያውቁ ብዬ ነው የመጣሁት።»

እሳቸውም መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። ቀጥለው «እኔ ልደውልላቸው?» አሉ። ይህ ጥሩ ዕድል ነው፤ እምቢ አትበሉ። ሽማግሌው ደውሎ «ልጅቷ በጨዋ ደንብ ነገረችኝ» ካለ በኋላ የሚገባ ደብዳቤ ሌላ ዓይን ነው የሚያነበው። ደብዳቤው ውስጥ ግን የእሳቸውን ስም አታስገቡ። ፋይል ላይ «በአቶ እገሌ በኩል» የሚል ነገር መስፈሩ ለድርጅቱም ለእሳቸውም አይበጅም።

አንዳንድ ሰው «ከማፍር ገብቼ ሁለት ወር ሠርቼ ብወጣ ይሻላል» ይላል። ይህ ለአስተዋዋቂው የባሰ ነው። ያኔ ተጠባባቂውም ሄዷል፣ ሥልጠናውም ባክኗል።

ደውለው «ደመወዝ እንጨምርልሽ» ካሉስ?

አንዱን በጽሑፍ ከተቀበላችሁ በኋላ መልሱ «አመሰግናለሁ፣ ግን ቃል ገብቻለሁ» ነው። ሌላ ማብራሪያ አትጨምሩ። ብር ውሳኔያችሁን የሚቀይር ከነበረ ያንን ማንሳት የነበረባችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ነው፤ «ሌላ ቦታ ይህን ያህል ቀርቦልኛል፣ እናንተ ጋ ብሠራ ደስ ይለኛል፣ የምታስተካክሉት ነገር አለ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ይቻል ነበር። የመመለሻ ደብዳቤን እንደ መደራደሪያ የሚልክ ሰው አንዳንዴ ያልጠበቀውን መልስ ያገኛል፦ «ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ መልካም ዕድል።»

መጀመሪያ እሺ ብዬው ነበር። አሁን የተሻለ መጣ። ይሄው ደብዳቤ ይሠራል?

አይሠራም። ከላይ ያለው ገና ላልተቀበላችሁት ሥራ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በመርህ ደረጃ የተለየ ፎርም አይጠይቅም። በቃልም ሊመሠረት ይችላል። ስለዚህ «ፊርማ የለበትምና አልተያዝኩም» የሚለው ነገር እንደሚመስለው አስተማማኝ አይደለም። እሺ ያላችሁት ገና ሥራ ሳትጀምሩ ከሆነ በአካል ሂዱ፣ ቃላችሁን እንደቀየራችሁ ሳትሸፋፍኑ ተናገሩ፣ ውሉ በስምምነት መቅረቱን የሚገልጽ ወረቀት ጠይቁ። ብዙ ድርጅት ሥራ ያልጀመረን ሰው አስገድዶ ማስቀረት አይፈልግም። የሰጣችሁ ቅድሚያ ክፍያ ወይም የመጓጓዣ ብር ካለ በዚያው ዕለት መልሱ።

ከጀመራችሁ በኋላ ከሆነ መልቀቂያ ነው የምትጽፉት። ውላችሁ በጽሑፍ የሙከራ ጊዜ ካለው፣ እሱም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላላችሁ። ሙከራውን ከጨረሳችሁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ። ሳትሰጡ ብትወጡ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅባችሁ ይችላል። አዲሱ ድርጅት «ሰኞ ጀምሪ» ካላችሁ ይህን ነግራችሁት ቀኑን አስተካክሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን የሚገዛው ሌላ ሕግ ነው፤ የራሱን የሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ።

ምክንያቱን በተመለከተ እዚህ ላይ እውነቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። «የተሻለ ስላገኘሁ» ማለት ይመራል፤ ግን እሺ ብሎ ለተመለሰ ሰው ሌላ የሚያዋጣ ቃል የለም።

ዋስ አስፈርሜ ነበር፣ ዋናው ዲግሪዬም እነሱ ጋ ነው። እንዴት ልውሰድ?

ሒሳብ፣ ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ከሆነ ዋስ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከመጀመራችሁ በፊት ነው። ሥራውን ስትመልሱ ዋሳችሁን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የዚያ ሰው ደመወዝ የተጻፈበትና የመሥሪያ ቤቱ ማህተም ያለበት ወረቀት ሰው ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ነገ ለራሱ ልጅ ዋስ ልሁን ቢል «አንድ ጊዜ ጽፈንልሃል» ይሉታል። ለዚህ ነው ደብዳቤው ውስጥ በስም የጠቀስነው።

ሰነዱን ስትረከቡ የመረከቢያ ፊርማ ያስፈርሟችኋል፤ ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱን ገልጣችሁ እዩ። ዋና ዲግሪና የቀድሞ መሥሪያ ቤት መልቀቂያ ካለ አንድ በአንድ። ዋናው የዋስትና ደብዳቤ በእጃችሁ ከገባ ለጻፈለት መሥሪያ ቤት ወስዳችሁ አስረክቡና ዋሱ ነጻ መሆኑን ፋይሉ ላይ ያስመዝግቡለት። ፋብሪካው «ወረቀቱ እኛ ጋ ይቀራል» ካለ ደግሞ ቅጥሩ ስላልተፈጸመ ዋስትናው እንደማይሠራ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ለዋሱ መሥሪያ ቤት እንዲጽፉ ጠይቁ። ልጅቷ ይህን ለመጨረስ አንድ ቀን ሐረር ወጥታ መመለስ ነበረባት፤ ሥራ ከመጀመሯ በፊት በነበረው ሳምንት አደረገችው።